«ዲስክ ቢሆንስ?» ለሚል የወገብ ህመም ጥያቄ የራጅ ሐኪም መልስ

«ዶክተር፣ 46 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እንጀራ ጋግሬ አስረክባለሁ። የዛሬ 18 ቀን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዤ ደረጃ ስወጣ ወገቤ ቀጭ አለ። እግሬ ላይ አይወርድም፣ ግን ጎንበስ ማለት ስቃይ ሆኖብኛል። ጤና ጣቢያ መረመሩኝና ማስታገሻ ሰጥተው ‹ተንቀሳቀሺ› ብለው ሸኙኝ። ኤምአርአይ ጻፉልኝ ብላቸው አያስፈልግሽም አሉኝ። እህቴ ደግሞ ‹ዲስክ ቢሆንስ? ቸል ብለውሽ ነው› ትለኛለች። እቁቤ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ልነሳ ወይስ ልተወው?»

እሁድ ዕለት በእድራችሁ አዳራሽ ስለ ወገብ ህመም ሳወራ ወረቀትዎ ደርሶኝ ነበር። ግን ቡናው ቀረበ፣ ሰዓቱም አለቀ። አሁን ረጋ ብዬ ልመልስልዎ።

በጻፉልኝ ነገር ብቻ ብሄድ እኔም ኤምአርአይ አላዝልዎትም ነበር። ይህን የምለው ደግሞ ፊልም እያነበብኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሰው በብዛት ቢነሳ ገበያው ለኔው ነው።

ግድግዳው ላይ ያሳየኋችሁን ሁለት ፊልሞች ያስታውሱ ይሆናል። ከኋላ ተቀምጠው ካልታየዎት ልድገመው። ሁለቱም የወገብ ኤምአርአይ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ዲስኮቹ መሃላቸው ነጣ ብሎ፣ እንደ ትራስ ሞላ ብለው ይታያሉ። ሁለተኛው ላይ የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ጠቁረዋል፣ ሳስተዋል። አንደኛው ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ነርቮቹ ወደሚያልፉበት ቦታ ገባ ብሏል። «የሚያመው የትኛውን ነው?» ብዬ እጅ አስወጣሁ። አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል ሁለተኛውን መረጠ። አንድ አባት «ይሄ ሰውዬማ ከአልጋም አይነሳ» አሉ።

ሁለተኛው ፊልም የኔ ነው። አዲስ ማሽን ተተክሎ ሲሞከር ሰው ሲጠፋ እኔ ገብቼ የተነሳሁት ነው። በወገብ ህመም አንድም ቀን ከስራ ቀርቼ አላውቅም። የመጀመሪያው የ29 ዓመት ወጣት ነው። እሱ በተነሳበት ሳምንት ካልሲውን ራሱ ማጥለቅ አይችልም ነበር።

እህትዎ የፈሩትን ዲስክ መጀመሪያ እንየው። ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። መሃሉ ውሃ የያዘ ለስላሳ ነገር ነው። ዙሪያውን ጠንካራ ቀለበት ይዞታል። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ስለዚህ «ዲስኬ ተንሸራተተ» የምንለው ነገር እንደ ሳሙና ሾልኮ መውጣት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል። ዲስኩ ፊልሙ ላይ ይጠቁራል፣ ዝቅ ይላል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ወጣ ይላል። ይህ በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው። የሚያምመንም የማያምመንም ላይ።

እርስዎ ጋጋሪ ነዎትና በምጣድ ላስረዳዎት። ብዙ ዘመን ያገለገለ ምጣድ ስንጥቅ አያጣውም። እንጀራው ግን ይወጣል። አንድ ቀን እንጀራው አይን አላወጣ ቢልዎት፣ እኔ መጥቼ ምጣዱን ፎቶ ባነሳው ስንጥቁን አገኘዋለሁ። «በቃ፣ ይኸው ምክንያቱ» ማለትም እችላለሁ። ስንጥቁ እውነት ነው፣ ግን ዓምናም ነበር። ዛሬ የተበላሸው ሊጡ ይሆናል፣ እሳቱ ይሆናል። እነሱ ደግሞ ፎቶዬ ላይ አይወጡም።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ምንም የወገብ ህመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ፊልም ሰብስቦ ነበር። ህመም የሌላቸው የ40 ዓመት ሰዎች ግማሾቹ ዲስካቸው ወጣ ብሏል። በ50 ዓመት ከ100 ሰው 60ው እንደዚያ ነው። እርስዎ 46 ነዎት። ጄሪካኑን ከማንሳትዎ አንድ ቀን በፊት ቢነሱ ኖሮ ፊልምዎ ላይ አንድ ነገር የመገኘት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነበር ማለት ነው። አሁን ቢነሱም ያው ነገር ይገኛል። ልዩነቱ፣ አሁን ህመሙን በሱ እናሳብባለን።

ታዲያ ያመመዎት ምንድን ነው? ጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ ጅማት ሊሆን ይችላል፣ ከአጥንቶቹ ኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የዲስኩ ቀለበትም ራሱ ሊቆጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ህመም አንዱን ከአንዱ በእርግጠኝነት የሚለይ ማሽን የለም። ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው ይከፋል፤ «እንግዲያው ምን ታውቃላችሁ?» ይለኛል። የምናውቀው ይህንን ነው፦ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ፣ በደንብ ይሻለዋል። ያ ደግሞ ከፊልም ጋርም ያለ ፊልምም ነው።

«ይሁን፣ ባይጠቅምም ምን ይጎዳል? ገንዘቡ የኔ ነው» ይሉ ይሆናል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ እውነት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። አንድ ሰው ላውራዎት። ስሙን ትቼዋለሁ፣ ስራውን ብቻ ልንገርዎ፤ ግንበኛ ነው፣ 38 ዓመቱ።

ብሎኬት ሲያነሳ ወገቡን ያዘው። በሁለተኛው ሳምንት አላስችል አለውና ራሱ ከፍሎ ተነሳ። ውጤቱ «ኤል 4 እና ኤል 5 መካከል ያለው ዲስክ አርጅቷል፣ ወደ ኋላ ወጣ ብሏል፣ በግራ በኩል የነርቭ መውጫውን በመጠኑ አጥብቧል» ይል ነበር። ወረቀቱን ከወንድሙ ጋር ሆነው ስልክ ላይ ተረጎሙት። በ38 ዓመቱ «አርጅቷል» ተባለ። «ነርቭ» የሚል ቃልም አለበት። ሁለቱም ሽባ እሆናለሁ ብሎ ለማሰብ በቂ ሆኑ። ስራ አቆመ። የወገብ ቀበቶ ገዛ። ሁለት ወር ሙሉ አብዛኛውን ቀን ተኛ። ሰው ሲተኛ የጀርባ ጡንቻ ይሟሽሻል። ስለዚህ በተነሳ ቁጥር ይበልጥ አመመው። ይበልጥ ሲያመው ይበልጥ ተኛ።

ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ ድጋሚ ተነሳ። የሁለተኛው ወረቀት ቃል ተለወጠ። «ወጣ ብሏል» የነበረው «ጎልቶ ወጥቷል» ሆነ። «ባሰብኝ ማለት ነው» ብሎ ደነገጠ። ኦፕሬሽን ፍለጋ ሊሄድ ሲል ሁለቱን ፊልሞች ይዞ እኔ ጋ መጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለካሁ። ያው ዲስክ፣ ያው መጠን። የተለወጠው ያነበበው ሐኪም ብቻ ነው። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፤ ከመጀመሪያም መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። «የሚያምህ በየትኛው ጎን ነው?» «በቀኝ» አለኝ። ፊልሙ ላይ የጠበበው በግራ ነው። አያችሁ፣ ፊልሙ ላይ የተገኘው ነገር ከሚያመው ቦታ ጋር እንኳ አይገናኝም። ያ ሰው ወደ ስራ ለመመለስ ከዚያ በኋላም ወራት ፈጀበት፤ አብዛኛው የፈጀበትም ፍርሃቱን ለማስለቀቅ ነው።

የሐኪሞቹ ቃል መለያየት ደግሞ የኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ63 ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ አስር የተለያዩ ማዕከላት ሄዳ የወገብ ኤምአርአይ ተነሳች። ለጥናት ነው። አስሩ ወረቀቶች በድምሩ 49 ዓይነት ግኝት ጻፉ። በአስሩም ላይ የተጻፈ ግኝት ግን አንድም አልነበረም። ሙያዬን ስለምወደው ይህን ሳነብ አፍሬያለሁ። እኔም ለዓመታት ያየሁትን ሁሉ ዘርዝሬ እጽፍ ነበር፤ ብዙ መጻፍ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከስሩ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ይህ ለውጥ በዚህ ዕድሜ ህመም በሌላቸው ሰዎችም የተለመደ ነው።»

«ኤምአርአይ ከቀረ ቢያንስ ራጅ?» የሚለውን እሁድ ዕለት ሦስት ሰው ጠይቆኛል። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ዲስክ፣ ነርቭ፣ ጡንቻ አያሳይም። የወገብ ራጅ ደግሞ እንደ ደረት ራጅ ቀላል አይደለም። ሆድን አቋርጦ ማለፍ ስላለበት ጨረሩ ከደረቱ ብዙ እጥፍ ነው፣ በሴት ላይ ደግሞ በእንቁላል ማቀፊያው በኩል ያልፋል። ሲቲ ስካን ከዚያም ይበልጣል። እንግሊዝ አገር የወገብ ህመም ያለባቸውን 421 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ራጅ አነሱ፣ ግማሹን ሳያነሱ አከሙ። በሦስተኛው ወር ህመሙ አለብን ያሉት ራጅ የተነሱት ላይ በዛ። ሐኪም ቤት ይበልጥ የተመላለሱትም እነሱ ናቸው። የሚገርመው ግን በህክምናው ይበልጥ ረክተናል ያሉትም እነሱ መሆናቸው ነው። እህትዎን አልፈርድባቸውም። መታየት በራሱ ያረካል።

እስካሁን ያልኩት ግን ለተራ የወገብ ህመም ነው። ተራ ያልሆነ አለ፣ እዚያ ላይ ደግሞ አንድም ሳምንት መጠበቅ አልፈልግም። ጤና ጣቢያ ያሉት ባለሙያ ጥያቄ ሲያበዙብዎትና እግርዎን ሲያስነሱዎት የነበረው ይህንኑ ሲፈልጉ ነው። ቸል አላሉዎትም፤ በእጃቸው አይተዋል።

አንደኛው የነርቭ ጉዳይ ነው። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳያውቁት ከመጣ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል፣ ማለትም ብልትና መቀመጫ አካባቢ፣ ከደነዘዘ ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በሌሊትም ቢሆን ኤምአርአይ ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ። እግር እየሰነፈ ከመጣም እንደዚሁ ቶሎ መታየት አለበት። ይህን ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። ግድግዳ አጠገብ ሆነው በተረከዝዎ ብቻ ጥቂት እርምጃ ይሂዱ፣ ከዚያ በጣትዎ። ህመሙ ካስቸገረ ችግር የለም። አንዱ እግር ግን አልታዘዝ ብሎ ጫፉ ከወደቀ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው የኛ አገር ጉዳይ ነው። የውጭ መመሪያዎች በአንድ መስመር ያልፉታል፣ እኔ ግን አላልፈውም። የአከርካሪ ቲቢ። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ደም ውስጥ ገብቶ አከርካሪ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ህመም ጄሪካን ሲነሳ ቀጭ ብሎ አይጀምርም። ቀስ እያለ ይመጣል፣ በሳምንታት ውስጥ እየከበደ ይሄዳል። ሲያርፉም አይተውም፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ብዙ ጊዜ ከቀበቶ መስመር ከፍ ብሎ፣ የጀርባና የወገብ መጋጠሚያ አካባቢ ነው። ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ፣ መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት አብሮ ሊኖር ይችላል። የአከርካሪው አጥንት ላይ በጣት መታ መታ ሲያደርጉት አንድ ቦታ ላይ ለይቶ ያማል። ቆይቶ እዚያው ላይ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል። ከዚህ በፊት ቲቢ የነበረበት፣ ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ያለ፣ ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከሆነ ጥርጣሬዬ እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ራጅ ያታልላል። አጥንቱ ሲሶ ያህል ካልተበላ ራጁ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። «ራጅ ተነስቼ ደህና ነህ ተባልኩ» ብሎ ወራት ያባከነ ሰው አይቻለሁ። በመጣ ጊዜ ሁለት አጥንቶች ተደርምሰው እግሩ መድከም ጀምሮ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ኤምአርአይ ቅንጦት አይደለም፣ ከተገኘ በመጀመሪያው ሳምንት ነው መነሳት ያለበት። ቶሎ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግስት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። እናንተ ሰፈር ዳር ላይ ነውና ከብት ያላችሁም አላችሁ። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ትኩሳትና የወገብ ህመም ከያዘው ለሐኪሙ ወተቱን ሳይደብቅ ይንገር። ከከብት የሚመጣ አከርካሪን የሚያጠቃ ተህዋሲ አለና።

የቀረውን በአጭሩ፦ ካንሰር የነበረበት፣ ከፎቅ የወደቀ ወይም በመኪና የተገጨ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ከትንሽ መውደቅ በኋላ ድንገት ያመማቸው፤ እነዚህ ቶሎ ይታያሉ። «ኩላሊቴ ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ የኩላሊት ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ስር በጎን በኩል ነው፣ ጎንበስ ቀና ሲሉም ብዙም አይለዋወጥም። ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ ካለ የሽንት ምርመራ ይቅደም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ህመሙ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሸክም ጀምሯል። እግር ላይ አይወርድም። ጎንበስ ሲሉ ይብሳል፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ይለዋወጣል። ትኩሳትም መክሳትም አልጻፉልኝም። ካለ ግን የጻፍኩትን ሁሉ ይተዉትና ነገውኑ ተመልሰው ይሂዱ። ከሌለ 18 ቀን ገና ነው። ጤና ጣቢያ የነገሩዎትን ይቀጥሉ። መንቀሳቀስ ማለት ስፖርት ቤት መግባት አይደለም። በሰፈር ውስጥ አስር ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ እያሉ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መሄድ ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ይጨምሩ። በሚሄዱበት ጊዜ ቢያምዎትም አንድ ነገር እየተሰበረ አይደለም። ማስታገሻውን በታዘዘው ልክ ይውሰዱ። ጨጓራ፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ካለብዎት ግን በየፋርማሲው ዲክሎፌናክ እያስወጉ አይዙሩ።

ጋገራውን ሙሉ በሙሉ አያቁሙ። ምጣዱ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ከፍ አድርገው ወገብዎ ደረጃ ላይ ያድርሱት። ለእርስዎ ይህ ከብዙ መድኃኒት ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ሊጡን ከትልቁ ባልዲ ጎንበስ ብለው ከመቅዳት በትንሽ ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት።

በስድስተኛው ሳምንት ጭራሽ ካልተሻለዎት፣ ወይም ህመሙ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት መውረድ ከጀመረ ተመልሰው ይታዩ። በዚያን ጊዜ ኤምአርአይ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ኦፕሬሽን ወይም የነርቭ መርፌ የሚታሰብ ከሆነ። ምክንያቱም ያኔ «ነርቭ የተነካው በየትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ጎን ነው?» የሚል የተወሰነ ጥያቄ ይዘን ነው የምንገባው። እንደዚያ ከሆነ ማዘዣው ላይ የሚያምዎት ጎን፣ የጀመረበት ቀንና እግርዎ ላይ የተገኘው ነገር እንዲጻፍ ያሳስቡ። «የወገብ ህመም» ብቻ የሚል ማዘዣ ሲደርሰኝ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ከመዘርዘር ሌላ ምርጫ የለኝም። የቆየ ፊልም ካለም ሲዲውን ይዘው ይምጡ፣ ወረቀቱን ብቻ አይደለም።

እቁቡን ለኤምአርአይ አይንኩት። ከሱ ላይ የሁለት ባለ 10 ሊትር ጄሪካን ዋጋ ብቻ ያውጡ። ውሃ ሲመጣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ይዘው በየፎቁ አረፍ እያሉ ይውጡ። ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ግማሽ ድረስ ብቻ ይሙሏቸው፤ ባይሆን የሰፈር ልጆች ያውጡልዎት።